ጀንፈል ቡና ሁሉ በአንድ ዋጋ ሲሸጥ ጥሩው ለምን ከገበያ ይወጣል?

በጥቅምት ወር በጌዴኦ ቡናው መቅላት ሲጀምር ገበሬው ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል። ቀዩን እሸት በለቀመበት ቀን ለመፈልፈያ ጣቢያ ያስረክባል፤ ወይም ከነገለባው አድርቆ ጀንፈል አድርጎ ያቆየዋል። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት የአዘገጃጀት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ሌላም ልዩነት አለ፤ ይኸውም ገዢው በዓይኑ ሊያይ የሚችለውና የማይችለው ነገር ነው። የጀንፈል ዋጋ ለምን ዝቅ እንደሚል፣ ደኅና ቡና ያለው ገበሬም ለምን ጆንያውን ይዞ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ የምንረዳው ይህን ልዩነት ስንመረምር ነው።

እሸት ቡና ሲሸጥ የገዢው ዓይን ይመሰክራል። ቀዩ ቀይ ነው፤ አረንጓዴውም አረንጓዴ ነው። ከጆንያው ሥር ጥሬ የደበቀ ሰው እንኳ ቡናው ሲገለበጥ ይታወቅበታል። ጀንፈል ግን እንዲህ አይደለም። ቀይ ቀዩ ተለቅሞ በአልጋ ላይ የደረቀው፣ ጥሬና ብስሉ አንድ ላይ ተሸምጥጦ በመሬት ላይ የደረቀው፣ ከዛፍ ሥር ወድቆ የተለቀመውም ሁሉ ከደረቀ በኋላ ይጠቁራል። ጥሬው ትንሽ ፈዘዝ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በጆንያ ውስጥ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ፣ አቧራም ነክቶት ሲቀርብ ለመለየት ያስቸግራል። በገለባው ውስጥ ያለው ፍሬ ግን እጅግ ይለያያል። አንዱ ለውጭ አገር ገበያ የሚበቃ ነው፤ ሌላው የአፈር ሽታ ያለው፣ ጥቁርና የተጨማደደ ፍሬ የበዛበት ነው።

ይህን ልዩነት ሻጩ ያውቀዋል። ስንት ጊዜ ተመላልሶ እንደ ለቀመ፣ በምን ላይ እንዳደረቀ፣ ዝናብ ሲመጣ ሸፍኖት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ያውቃል። ገዢው አያውቀውም። በገበያ ቀን የሚሰማው ንግግር ይህን የመሰለ ነው።

«ልጄ፣ ይህ በአልጋ ላይ የደረቀ ነው፤ ቀይ ቀዩን ብቻ ነው የለቀምነው» ይላል ገበሬው።

«አባቴ፣ ዛሬ የመጣው ሰው ሁሉ እንደዚሁ ብሎኛል» ይላል ሰብሳቢው።

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ገበሬው አልዋሸም። ሰብሳቢውም ቢሆን ባለ ክፉ ቡናው ያንኑ ቃል ስለሚናገር ቃሉን ብቻ ይዞ ዋጋ ሊጨምር አይችልም። ስለዚህ ሰብሳቢው ሁሉንም በአንድ ዋጋ ይገዛል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አራት ገበሬዎችና አንድ ዋጋ

ነገሩን በሒሳብ እንየው። ዋጋዎቹ ለሒሳቡ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው እንጂ የዛሬ የገበያ ዋጋ አይደሉም። አራት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፈረሱላ፣ ማለት 17 ኪሎ ጀንፈል ይዘው ወደ ገበያ መጡ እንበል። የአንደኛው ቡና ጥራቱ ቢታወቅ ለገዢው 2000 ብር ያወጣል። የሁለተኛው 1600፣ የሦስተኛው 1200፣ የአራተኛው 800 ብር ያወጣል።

እያንዳንዱ ገበሬ ደግሞ በልቡ የያዘው መጨረሻ ዋጋ አለው፤ ከዚያ በታች ከሆነ አይሸጥም። ቡናውን በጎተራ ያቆየዋል፣ ወደ ሌላ ገበያ ይወስደዋል፣ ወይም ለቤቱ ያደርገዋል። ይህ መጨረሻ ዋጋ ለገዢው ከሚያወጣው ላይ መቶ 15 ያነሰ ይሁን። እንግዲህ አንደኛው ከ1700 ብር በታች አይሸጥም፤ ሁለተኛው ከ1360፣ ሦስተኛው ከ1020፣ አራተኛው ከ680 ብር በታች አይሸጡም። አራቱም ለገዢው ከሚያወጣው ባነሰ ዋጋ ለመሸጥ ፈቃደኞች ስለሆኑ፣ ጥራቱ ቢታይ ኖሮ አራቱም ይሸጡ ነበር፤ ገዢውም ሻጩም ይጠቀሙ ነበር።

ጥራቱ ግን አይታይም። ገዢው አራቱን ጆንያዎች አይቶ መካከለኛውን ያሰላል። 2000፣ 1600፣ 1200 እና 800 ተደምረው ለአራት ሲካፈሉ 1400 ብር ይሆናል። ከዚህ በላይ ቢከፍል ይከስራል፤ ስለዚህ 1400 ብር ያቀርባል። አንደኛው ገበሬ መጨረሻው 1700 ስለሆነ ጆንያውን አንሥቶ ይሄዳል።

አሁን በገበያው የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ከመካከላቸውም የተሻለው ወጥቷል። ገዢው ጥቂት ገበያ ከዋለ በኋላ በ1400 ብር የገዛው ቡና ሲቀሸር ያን ያህል እንደማያወጣ ይረዳል። የቀሩት ሦስቱ መካከለኛ 1200 ብር ነው፤ ዋጋውንም ወደ 1200 ያወርዳል። በዚህ ጊዜ መጨረሻው 1360 የሆነው ሁለተኛው ገበሬ ይወጣል። የሁለቱ ቀሪዎች መካከለኛ 1000 ብር ይሆናል፤ ሦስተኛውም 1020 ብር ይፈልግ ነበርና ለ20 ብር ልዩነት ይቀራል። በመጨረሻ በገበያው ላይ አራተኛው ብቻ ይገኛል። ገዢውም 800 ብር ይከፍለዋል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ማንም ማንንም አለማታለሉን ነው። ገዢው አልሰረቀም፤ አራተኛው ገበሬም ቡናው ክፉ መሆኑን ሳይደብቅ ቢናገር እንኳ አንደኛውን ሊያድነው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም የእርሱ ጥሩነት አሁንም አይታይም። ጉዳቱ ግን በሒሳብ ይገኛል። አራቱም ሽያጮች ቢፈጸሙ ኖሮ ሻጭና ገዢ የሚካፈሉት ትርፍ በጠቅላላው 840 ብር ነበር፤ ይኸውም 300፣ 240፣ 180 እና 120 ነው። የተገኘው የመጨረሻው 120 ብር ብቻ ነው። የቀረው 720 ብር ወደ ማንም ኪስ አልገባም፤ ሳይፈጠር ቀረ።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 ይህንኑ ነገር በአሮጌ መኪና ገበያ አስረድቶ ጽፎ ነበር። የመኪናውን ደዌ ሻጩ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ስለዚህ ደኅና መኪና ያለው ሰው በመካከለኛ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይቀራል። በ2001 በዚህ ሥራው የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆነ። የኢንሹራንስም ነገር እንዲሁ ነው። መድን ሰጪው የታመመችውን ላም ከጤነኛይቱ መለየት ካልቻለና ለሁሉም አንድ ዓረቦን ካስከፈለ፣ የጤነኛይቱ ባለቤት ይቀራል፤ የታመመችው ባለቤት ግን ፈጥኖ ይመዘገባል። ካሣው ሲበዛ ዓረቦኑ ይጨምራል፤ ዓረቦኑ ሲጨምር ከቀሩትም የተሻሉት ይወጣሉ።

መታገሥ የማይችለው ገበሬ

ከላይ ያየነው ገበያ የፈረሰው ገበሬው «አልሸጥም» ለማለት ስለቻለ ነው። በጌዴኦ ይህን ማለት የሚችል ገበሬ ጥቂት አይደለም። ከቡናው ጋር በአንድ ማሳ ላይ እንሰት አለው፤ ቤተ ሰቡ ቆጮ እየበላ ሲከርም ጀንፈሉ በጎተራ ይቆያል። ነገር ግን ብድር ያለበት፣ ወይም በቤቱ በሽተኛ የተኛበት ገበሬ ሊቆይ አይችልም። የእርሱ መጨረሻ ዋጋ ዝቅተኛ ነው።

እንግዲህ በዚያው ሒሳብ አራቱም ገበሬዎች ገንዘብ በብርቱ ቸግሯቸው፣ ቡናቸው በሚያወጣው ግማሽ ዋጋ እንኳ ለመሸጥ የተገደዱ ናቸው እንበል። መጨረሻቸው 1000፣ 800፣ 600 እና 400 ብር ይሆናል። ገዢው 1400 ሲያቀርብ ሁሉም ይሸጣሉ። ገበያው አልፈረሰም። ይሁን እንጂ አንደኛው 2000 ብር የሚያወጣውን በ1400 ሰጥቶ 600 ብር አጥቷል፤ አራተኛው 800 ብር ለሚያወጣው 1400 ተቀብሎ 600 ብር አግኝቷል። ሁለተኛውም 200 ብር ሲያጣ ሦስተኛው ያንኑ 200 አግኝቷል። ሰብሳቢው ከዚህ አንድ ብር አልተጠቀመም። ትጉሁ ገበሬ ሳያውቀው ለጎረቤቱ ከፍሏል። ሰብሳቢውን ብቻ መውቀስ የለመድን ሰዎች ይህን ብናስብበት መልካም ነው።

በሚቀጥለው ዓመት የሚሆነው ከዚህ ይከተላል። ቀይ ቀዩን ለመልቀም ወደ አንድ ዛፍ ሦስትና አራት ጊዜ መመለስ ያስፈልጋል። አልጋ መሥራት፣ ቡናውን በቀን ብዙ ጊዜ ማገላበጥ፣ ማታ መሸፈን ሁሉ ጉልበትና ገንዘብ ይጠይቃል። አንደኛው ገበሬ ይህን ሁሉ አድርጎ እንደ አራተኛው 1400 ብር ካገኘ፣ በሚመጣው ዓመት እርሱም ይሸመጥጣል። ባለፈው ክረምት ከገበያ የቀረው ጥሩው ቡና ነበር፤ አሁን ግን ጥሩው ቡና ጨርሶ አይኖርም።

ይህ በገበያችን መድረሱ በምን ይታወቃል?

ዋጋ ሲወርድ ሁሉ ምክንያቱ ይህ ነው ማለት አይደለም። በዓለም ገበያ የቡና ዋጋ ሲወርድ እሸቱም ጀንፈሉም አብረው ይወርዳሉ። ጥራቱ ባለመታየቱ የሚመጣው ውድቀት ግን እሸቱን እምብዛም ሳይነካ ጀንፈሉን ለብቻው ይጥለዋል። የልማት ሠራተኛው የሁለቱን ዋጋ በየሳምንቱ በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ቢጽፍ ልዩነቱ እየሰፋ መሄዱንና አለመሄዱን ያየዋል።

ሌላው ምልክት የገዢው እጅ ነው። ጆንያ ሳይፈታ የሚመዝን፣ ለሁሉም እኩል ቅናሽ የሚያደርግ ገዢ፣ መለየትን የተወ ገዢ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ደግሞ በቀበሌው በአዘገጃጀታቸው የታወቁት ገበሬዎች በዚያ ገበያ ጀንፈል መሸጥ ማቆማቸው ነው። እነርሱ የት እንደሚሸጡ መጠየቅ ከብዙ ጥናት ይሻላል።

በዚህ ጊዜ «ዋጋው ይጨመር» የሚል ሐሳብ ይነሣል። ጥራት ሳይለይ ዋጋ ቢጨመር ጥቂት ጥሩ ቡና ይመለስ ይሆናል፤ ነገር ግን ያው ጭማሪ ለወደቀውና ለተሸመጠጠውም ይከፈላል፤ የከፈለውም ሰው በሁለተኛው ዓመት አይገኝም።

ደረጃ የሚወጣው የት ላይ ነው?

በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይህን ችግር በአገር ደረጃ ለማቃለል የቆመ ነው። በዲላም የመረከቢያ ቅርንጫፍ አለው። አቅራቢው ቡናውን ሲያመጣ ናሙና ይወሰዳል፤ ናሙናው የባለቤቱ ስም ሳይታይ በቁጥር ብቻ ወደ ቀማሾች ይቀርባል። ጥሬው ፍሬ ታይቶ ከመቶ 40፣ የሲኒው ጣዕም 60 ይያዛል፤ በድምሩም ደረጃው ይወጣል። ቀማሹ ባለቤቱን ስለማያውቅ ላኪው በምርመራው ሊታመን ይችላል፤ ቡናውን ሳያይም በደረጃው ይገዛል።

ይሁንና ይህ ሁሉ የሚደረገው መቼ እንደሆነ አስተውሉ። ጀንፈሉ ከብዙ ገበሬ ተሰብስቦ፣ ተቀላቅሎና ተቀሽሮ ዲላ ሲደርስ ነው። የአንደኛውና የአራተኛው ገበሬ ቡና በዚያ ጊዜ አንድ ሆኗል። ደረጃው የአቅራቢውን ጭነት ከሌላ አቅራቢ ጭነት ይለያል እንጂ ገበሬውን ከገበሬ አይለይም። በላይኛውም በኩል ቢሆን ለብዙ ዓመታት የአንድ አካባቢና የአንድ ደረጃ ቡና በመጋዘን ይቀላቀል ስለ ነበር፣ ላኪው ከየትኛው ጣቢያ እንደመጣ አያውቅም ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ የቡናው መነሻ እየታወቀ እንዲሸጥ በር ከፈተ። ወደ ታች፣ እስከ መጀመሪያው ሚዛን ድረስ ግን መነሻውን የሚጠብቀው አዋጅ ሳይሆን ጆንያውን ሳይቀላቅል የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበርም ከዚህ ነገር ነጻ አይደለም። በ1994 ዓ.ም. የተቋቋመው የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በጌዴኦ ያሉትን መሠረታዊ ማኅበራት አሰባስቦ ቡናቸውን በቀጥታ ወደ ውጭ ይልካል፤ ይህም መነሻው እንዲታወቅ ረድቷል። ነገር ግን የትም አገር ቢሆን ማኅበር በበሩ ላይ ለአባላቱ ሁሉ አንድ ዋጋ ከከፈለ፣ አባሉ የተሻለውን ልዩነት ለሚያይ ነጋዴ ሸጦ የባሰውን ወደ ማኅበሩ ማምጣቱ አይቀርም። በዓመቱ መጨረሻ የሚሰጠው ትርፍም በኪሎ ብቻ የሚከፈል ከሆነ ይኸው ነገር ይበረታል።

በመጀመሪያው ሚዛን ላይ የሚደረግ ምርመራ

ጀንፈል ቡና ሳይቀላቀል በፊት ገበሬውና ገዢው አብረው ሊመረምሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው ንጹሕ ጆንያ፣ ሙቀጫና ጥቂት ትዕግሥት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ዋጋው ይነገር፤ ከመቶ ፍሬ እስከዚህ ድረስ ጉድለት ቢገኝ ይህን ያህል፣ ከዚያ ቢበልጥ ይህን ያህል ተብሎ ይወሰን። ቆጠራው ካለቀ በኋላ ዋጋ መነጋገር ጠብ ያመጣል።

ከዚያ በኋላ ከእያንዳንዱ ጆንያ ከአፉ፣ ከመካከሉና ከሥሩ አንድ አንድ እፍኝ ይወሰዳል። ከአፉ ብቻ የወሰደ ሰው የሻጩን ምርጫ ነው የወሰደው። የተወሰደው በንጹሕ ጆንያ ላይ ተደባልቆ ክብ ሆኖ ይሰጣና በአራት ይከፈላል፤ ፊት ለፊት የሚተያዩት ሁለቱ ክፍሎች ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ወደ ጆንያው ይመለሳሉ። ግማሽ ኪሎ ያህል እስኪቀር ድረስ ይህ ይደጋገማል። ቀጥሎ ፍሬው እንዳይሰበር ቀስ ተብሎ በሙቀጫ ይቀሸራል። ሳይመረጥ 100 ፍሬ ይቆጠርና ይለያል። ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ከመሬት የተለቀመ ነው። ትንሽ፣ የተጨማደደና ስስ ቆዳው አልላቀቅ ያለው ጥሬ የተለቀመ ነው። ቀዳዳ ያለው ተባይ የበላው ነው። ገና የተቀሸረው በእፍኝ ተይዞ ይሸተት፤ በመሬት ላይ የደረቀው የአፈር፣ እርጥብ ሆኖ የተከማቸው የሻጋታ ሽታ ይሰጣል። ጀንፈሉ ሲነቀነቅ ፍሬው በውስጡ ካልተንኳኳ በሚገባ አልደረቀም፤ በሚዛኑም ላይ ውኃ እየተሸጠ ነው ማለት ነው።

ይህ ምርመራ የሲኒውን ጣዕም አይናገርም። የቀማሽንም ቦታ አይተካም። ነገር ግን ጥሩውን ከክፉው በሰፊው ይለያል፤ በእኛም ምሳሌ አንደኛውን ገበሬ በገበያው ለማቆየት ያ በቂ ነበር።

ጉድለቱ ጊዜ መፍጀቱ ነው። ለአንድ ፈረሱላ ግማሽ ሰዓት የሚያጠፋ ሰብሳቢ በገበያ ቀን አይገኝም። ስለዚህ አምስት ወይም ስድስት ጎረቤቶች ቡናቸውን በአንድ አልጋ ላይ አድርቀው በአንድ ቢያቀርቡ፣ አንድ ምርመራ ለሁሉም ይበቃል። በዚህ ጊዜ ግን ያው የድሮው ችግር በጓሮ በር እንዳይመለስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንዱ ጎረቤት የደረቀ ጀንፈል በጆንያ አምጥቶ «ይጨመርልኝ» ቢል የቀሩት አይቀበሉት፤ ጥራቱን ማየት አይችሉምና። ወደ ጋራው አልጋ የሚገባው በዚያው ቀን የተለቀመ እሸት ብቻ ይሁን፤ በሁሉም ፊት በጆንያ ላይ ይገልበጥ፤ አረንጓዴውና የደረቀው ተለቅሞ ለባለቤቱ ይመለስ፤ የቀረውም በውኃ ውስጥ ተነክሮ የተንሳፈፈው ይገፈፍ። በመዝገቡ ላይ የሚጻፈው ኪሎ ከዚህ በኋላ የተመዘነው ነው።